ኢንቨስተሩ የሚያየው ድምሩን ሳይሆን ብራችሁ የሚያልቅበትን ወር ነው

ሁለት ልጆች ስታርታፕ ሊጀምሩ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 3,200,000 ብር አላቸው። ያዘጋጁት የበጀት ወረቀት በዓመቱ መጨረሻ 920,000 ብር እንደሚተርፋቸው ይናገራል። አሪፍ ነው አይደል?

ግን ያው ቢዝነስ በ11ኛው ወር ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ማንም ብር አልሰረቀም። ሽያጩ ልክ እንደታቀደው ሄዷል፣ ዋጋም አልጨመረም። የወረቀቱ ድምርም ስህተት የለበትም።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ዛሬ ይሄን በቁጥር እናያለን። ምሳሌውና ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ስታርታፕ ይሠራል። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ከፍታችሁ አብራችሁ ብትሄዱ የበለጠ ይገባችኋል።

📌 ቢዝነሱ ምንድነው?

ልጆቹ አዲስ አበባ ውስጥ ለሬስቶራንቶች አትክልት ያቀርባሉ። ሬስቶራንቱ ማታ በአፕ ያዛል፣ እነሱ ሌሊት ከአትክልት ተራ ይገዛሉ፣ ጠዋት ያደርሳሉ። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚገዙት በካሽ ነው። ሬስቶራንቶቹ ግን የሚከፍሉት ከ30 ቀን በኋላ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ታሪኩን የምትቀይረው እሷ ናት።

📌 ብሩ ከየት መጣ? የት ይሄዳል?

ኢንቨስተር መጀመሪያ የሚጠይቀው ሠንጠረዥ የገንዘብ ምንጭና አጠቃቀም ይባላል። በአንድ በኩል ብሩ ከየት እንደመጣ፣ በሌላ በኩል ምን ላይ እንደሚውል ይጻፋል። የሁለቱ ጎን ድምር እኩል መሆን አለበት። አንድ ብር ከተረፈ እንኳ "መጠባበቂያ" ተብሎ ቦታ ይሰጠዋል።

የልጆቹ ምንጭ ይሄ ነው፦

👉 የራሳቸው ቁጠባ፦ 500,000
👉 እቁብ፦ 300,000
👉 ከኢንቨስተር የሚጠይቁት፦ 2,400,000
ድምር፦ 3,200,000 ብር

እዚህ ጋ ቆም እንበል። እቁቡ 12 አባላት ያሉት፣ በየወሩ 25,000 ብር የሚጣልበት ነው። ዕጣው በመጀመሪያው ወር ወጣላቸው። 300,000 ብር በእጅ ገባ ማለት ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ በየወሩ 25,000 መጣል አለባቸው። 25,000 በ12 ሲባዛ 300,000 ነው። ስለዚህ እቁብ ቀድሞ ሲወጣ ወለድ የሌለው ብድር እንጂ ካፒታል አይደለም። ከምንጭ በኩል 300,000 ከጻፋችሁ ከአጠቃቀም በኩልም 300,000 መጻፍ ግድ ነው። የመጀመሪያዋን ብቻ ጽፎ ሁለተኛዋን የረሳ በጀት ኢንቨስተሩ ፊት ወዲያው ይታወቃል። ከዘመድ የተበደራችሁት ብርም ያው ነው፤ መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ።

ሌላው ጥያቄ መቼ ነው ብሩ የሚገባው የሚለው ነው። ብዙ ኢንቨስተሮች ሙሉውን በአንድ ቀን አይሰጡም፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን የተስማማችሁበት ውጤት ሲመጣ ይላሉ። ከምንጩ አጠገብ ወሩ ካልተጻፈ ያ ሁሉ ሚሊዮን ገና ያልገባ ብር ሊሆን ይችላል። በዚህ ምሳሌ ሙሉው በመጀመሪያው ወር ገብቷል እንበል።

አሁን አጠቃቀሙ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣው፦

👉 ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃድና የሕግ ወጪ፦ 60,000
👉 ላፕቶፕ፣ ሚዛን፣ ሳጥንና ሌላ ዕቃ፦ 340,000

በየወሩ የሚወጣው፦

👉 ደመወዝ ለ4 ሰው (በአማካይ 30,000)፦ 120,000
👉 የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፦ 13,200
👉 ትራንስፖርት፦ 45,000
👉 ኢንተርኔት፣ ሰርቨር፣ ስልክና ልዩ ልዩ፦ 21,800
ድምር፦ 200,000 ብር። እቁቡ ሲጨመር 225,000 ብር።

ስለ ደመወዙ አንድ ነገር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምራል። ሠራተኛውን 30,000 ብር ብለህ ከቀጠርከው አንተን የሚያስወጣህ 33,300 ነው። ይቺ 11 በመቶ ናት ብዙ ጊዜ ከበጀት የምትቀረው። ከ4ቱ ሰዎች ሁለቱ ራሳቸው መሥራቾቹ ናቸው። "እኛ ደመወዝ አንወስድም" ብሎ ዜሮ መጻፍ ኢንቨስተርን አያስደስትም። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ስንት ወር ያለ ደመወዝ እንደሚቆይ እሱም ያውቃል።

ኪራዩ ለብቻው ነው። ቢሮና መጋዘኑ በወር 40,000 ብር ነው፤ አከራዩ ግን የ6 ወር በቅድሚያ ይላል። ስለዚህ በ1ኛው ወር 240,000፣ በ7ኛው ወር ደግሞ ሌላ 240,000 ይወጣል። በመካከል ምንም የለም።

ታክሱን ምሳሌው እንዳይከብድ ትተነዋል። በእናንተ ሠንጠረዥ ላይ ግን ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።

📌 ወረቀቱ ለምን 920,000 ይተርፋል አለ?

ሽያጭ የሚጀምረው በ3ኛው ወር ነው። 200,000 ብር ይሸጣሉ፣ ከዛ በየወሩ 100,000 እየጨመረ በ12ኛው ወር 1,100,000 ይደርሳል። የዓመቱ ሽያጭ 6,500,000 ብር ይሆናል። ከእያንዳንዱ 100 ብር ሽያጭ 80ው ለአትክልት መግዣ ይወጣል፤ የሚበላሸውም እዚሁ ውስጥ ነው። 20ው ይቀራል። የዓመቱ 1,300,000 ነው።

የልጆቹ ስሌት ቀላል ነው፦

3,200,000 ነበረን። ለዕቃና ምዝገባ 400,000፣ ለኪራይ 480,000፣ ለወርሃዊ ወጪ 2,700,000 ይወጣል፤ ድምሩ 3,580,000። ከአትክልቱ 1,300,000 እናተርፋለን። የሚቀረው 920,000።

ሂሳቡ ልክ ነው። ግን የዓመት ሂሳብ ነው። ደመወዝ ደግሞ በዓመት አይከፈልም።

📌 ያው በጀት በወር በወር ሲታይ

አሁን በእያንዳንዱ ወር መጨረሻ ባንክ ውስጥ ያለውን ብር እንይ። ደንቡ አንድ ነው፦ ብሩ የሚጻፈው ሽያጩ በተካሄደበት ወር ሳይሆን እጅ በገባበት ወር ነው።

ወር 1 ➡️ 2,335,000
ወር 2 ➡️ 2,110,000
ወር 3 ➡️ 1,725,000
ወር 4 ➡️ 1,460,000
ወር 5 ➡️ 1,215,000
ወር 6 ➡️ 990,000
ወር 7 ➡️ 545,000
ወር 8 ➡️ 360,000
ወር 9 ➡️ 195,000
ወር 10 ➡️ 50,000
ወር 11 ➡️ 75,000 ጉድለት
ወር 12 ➡️ 180,000 ጉድለት

አንዱን ወር አብረን እንሥራ፣ 3ኛውን። የ200,000 ብር አትክልት ሸጡ። ለመግዣው 160,000 በካሽ ከፈሉ። ወርሃዊው ወጪ 225,000 ነው። ሬስቶራንቶቹ ግን ገና አልከፈሉም፣ ስለዚህ የገባው ዜሮ ነው። 385,000 ወጣ። 2,110,000 ሲቀነስ 385,000፣ 1,725,000። ሽያጭ የጀመሩበት ወር ከሽያጭ በፊት ከነበረው ወር የበለጠ ብር በላ! እድገት በዱቤ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ብዙ በሸጣችሁ ቁጥር ቀድሞ የሚወጣው ብርም ይበዛል።

በ12ኛው ወር መጨረሻ በወረቀቱና በባንኩ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ከ920,000 ትርፍ እስከ 180,000 ጉድለት፣ 1,100,000 ብር። ይሄ ደግሞ ልክ የ12ኛው ወር ሽያጭ ነው። ብሩ አለ፣ ግን ሬስቶራንቶቹ ጋ ነው ያለው።

📌 በርን ሬት፦ ሁለት ዓይነት ነው

በርን ሬት ማለት ስታርታፑ በወር የሚያቃጥለው ብር ነው። ሲጠሩት ግን የትኛውን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ጠቅላላው በርን ሬት በወሩ ከባንክ የወጣው ሁሉ ነው። የተጣራው ደግሞ ከወጣው ላይ የገባው ሲቀነስ ነው። 6ኛውን ወር እንይ። ለአትክልት 400,000፣ ለወርሃዊ ወጪ 225,000፣ ባጠቃላይ 625,000 ወጣ። ከ5ኛው ወር ሽያጭ 400,000 ገባ። ጠቅላላው 625,000፣ የተጣራው 225,000።

ኢንቨስተሩ ሁለቱንም ይፈልጋል። የተጣራው ብሩ በምን ፍጥነት እያለቀ እንደሆነ ይናገራል። ጠቅላላው ደግሞ ሬስቶራንቶቹ አንድ ወር ባይከፍሉ ምን ያህል ጉድጓድ እንደሚከፈት ያሳያል። የተጣራውን ብቻ ጽፎ ዝም ያለ ሰው ሁሉም ደንበኛ በሰዓቱ ይከፍላል ብሎ የገመተ ሰው ነው።

📌 ራንዌይ፦ ስንት ወር ይቀራችኋል?

ራንዌይ ቃሉ ከአውሮፕላን ማኮብኮቢያ የተወሰደ ነው፤ ማኮብኮቢያው ሳያልቅ መነሳት አለባችሁ። ቀመሩ አጭር ነው፦

ራንዌይ = በባንክ ያለ ብር ÷ የተጣራ በርን ሬት

በ2ኛው ወር መጨረሻ ልጆቹ 2,110,000 አላቸው፤ በወሩ ያቃጠሉት 225,000 ነው። ሲካፈል 9.4 ወር። ሠንጠረዡ ግን ሌላ ነው የሚለው፤ ብሩ የሚያልቀው በ11ኛው ወር አጋማሽ አካባቢ ነው፣ ማለትም ከ8 ወር ትንሽ አለፍ ብሎ። አንድ ወር ሙሉ የት ጠፋ?

2ኛው ወር ጸጥ ያለ ወር ስለነበር ነው። ኪራይ አልተከፈለበትም፣ አትክልትም አልተገዛበትም። በዛ ወር ማካፈል ማለት 7ኛው ወር ላይ የተቀመጠውን 240,000 ብር ኪራይ እንደሌለ መቁጠር ነው። ስለዚህ የአንድ ወር በርን ሬት አትውሰዱ። ቢያንስ የ3 ወር አማካይ ያዙ፣ በጅምላ የሚከፈለውን ደግሞ በየወሩ አካፍላችሁ ጨምሩበት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሠንጠረዡ ነው። ማካፈል ግምት ነው፤ ብሩ የሚያልቅበትን ወር የሚያሳየው በወር በወር የተሠራው ሠንጠረዥ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ገንዘብ ማሰባሰብ ወራት ይፈጃል። ኢንቨስተር ማግኘት፣ ማሳመን፣ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ብሩ ባንክ እስኪገባ መጠበቅ አለ። በዘርፉ የተለመደው ምክር 6 ወር ሲቀር ጀምሩ የሚል ነው። ለእነዚህ ልጆች 6 ወር የሚቀረው መቼ ነው? በ4ኛው ወር መጨረሻ። ሽያጭ ከጀመሩ ገና ሁለት ወራቸው ነው! ያኔ ባንክ ውስጥ 1,460,000 ብር ስላለ ማንም አይደነግጥም። 8ኛው ወር ላይ ሲደነግጡ ደግሞ ረፍዷል።

📌 መፍትሔው ተጨማሪ ብር ብቻ አይደለም

ልጆቹ ከሬስቶራንቶቹ ጋር ተነጋግረው የክፍያ ጊዜውን ከ30 ቀን ወደ 15 ቀን አወረዱት እንበል። ዋጋ አልጨመሩም፣ ሠራተኛ አልቀነሱም። በየወሩ ከሚሸጡት ግማሹ እዛው ወር ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ውጤቱ? በ10ኛው ወር መጨረሻ 50,000 የነበረው 500,000 ይሆናል። በ12ኛው ወር 180,000 የነበረው ጉድለት 370,000 ብር ትርፍ ተቀማጭ ይሆናል። 15 ቀን ብቻ 550,000 ብር አዳነ። ይሄ ብር ለኢንቨስተር ተጨማሪ ድርሻ ሳይሸጥ የተገኘ ነው።

ግን ገና አላለቀም። ልምድ ያለው ኢንቨስተር "13ኛውን ወር አሳዩኝ" ይላል። የእኛ አገር 13ኛ ወር ጳጉሜ ለአምስት ቀን ትቆይና ትሄዳለች፤ የዚህ በጀት 13ኛ ወር ግን የ240,000 ብር ኪራይ ይዞ ነው የሚመጣው። በጀቱ በ12ኛው ወር ሲቆም ኪራዩ ተደብቋል። ሽያጩ በዕቅዱ ከቀጠለ ከ13ኛው ወር በኋላ 120,000 ብር ይቀራቸዋል። ቀጭን ናት፣ ግን አለች። ከዛ በኋላ የሚገባው ከወርሃዊው ወጪ በትንሹ ይበልጣል፤ እቁቡም አልቋል።

ፖል ግራሃም የተባለው የዋይ ኮምቢኔተር መሥራች እ.ኤ.አ. በ2015 በጻፈው ጽሑፍ ስታርታፖችን በዚሁ ጥያቄ ነው የሚለያቸው። ወጪያችሁ ባለበት፣ ገቢያችሁም አሁን በሚያድግበት ፍጥነት ቢቀጥል፣ ያላችሁ ብር ሳያልቅ ትርፋማ ትሆናላችሁ ወይስ አትሆኑም? በ30 ቀን ዱቤ የልጆቹ መልስ "አንሆንም" ነበር። በ15 ቀን "እንሆናለን" ሆነ።

📌 ስንት ብር እንጠይቅ?

አሁን የመጨረሻውን ፈተና እንስጠው። ሽያጩ 2 ወር ቢዘገይስ? አፑ አልደረሰም፣ ሬስቶራንቶቹ አመነቱ፤ የተለመደ ነው። ሽያጩ ከ3ኛው ወር ይልቅ በ5ኛው ወር ይጀምር። የክፍያው ጊዜ 15 ቀን እንደሆነ ይቆይ።

በ12ኛው ወር መጨረሻ 50,000 ብር ብቻ ይቀራል። በ13ኛው ወር ኪራዩ ሲመጣ 240,000 ይጎድላል። ሠንጠረዡን እስከ 18 ወር ብንዘረጋው ትልቁ ጉድለት በ15ኛው ወር የሚታየው 280,000 ብር ነው።

ይሄ ቁጥር ነው ከኢንቨስተር የምትጠይቁትን የሚወስነው። 2,400,000 ነበር። 280,000 እንጨምርበት። ከዛ ሁሉም ነገር ሲበላሽ ለመተንፈሻ የ2 ወር ወጪ፣ 400,000 እንጨምር። 3,080,000 ይሆናል። ወደ 3.1 ሚሊዮን ብር መጠየቅ አለባቸው። "ለምን 3.1?" ሲባሉ ደግሞ መልስ አላቸው፦ ሽያጩ ሁለት ወር ቢዘገይ እንኳ የማንወድቅበት መጠን ይሄ ነው። ክብ ቁጥር አምጥቶ "ይበቃናል ብለን ነው" ከማለት ጋር አንድ አይደለም።

ሰርቨር ወይም ሌላ ወጪ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ያንን መስመር ለብቻው አውጡት፣ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሪ ዋጋና ቀኑንም ጻፉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከዛ በፊት የተሠራ በጀት የዶላር መስመሩ በአንዴ እጥፍ ሊጠጋ ሆነ ማለት ነው።

📌 ኢንቨስተር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት

ሠንጠረዣችሁን ክፈቱና እነዚህን ፈልጉ፦

✅ እያንዳንዱ የገንዘብ ምንጭ አጠገብ የሚገባበት ወር ተጽፏል? እቁብና ብድር መመለሻቸው በአጠቃቀም በኩል አለ?

✅ ገቢው የተጻፈው በተሸጠበት ወር ነው ወይስ እጅ በገባበት ወር? የመጀመሪያው ከሆነ ራንዌያችሁ ከእውነተኛው ሊረዝም ይችላል።

✅ በጅምላ የሚከፈል ነገር፣ ኪራይ ወይም ፈቃድ ማሳደሻ፣ በትክክለኛው ወር ላይ ተቀምጧል? በ13ኛው ወር የሚጠብቃችሁስ?

✅ ሽያጩን 2 ወር ብታዘገዩት የባንክ ሂሳባችሁ ከዜሮ በታች የሚወርደው በየትኛው ወር ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ ኢንቨስተሩ ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት። ወሩን የምታውቁ ከሆነ ከዛ 6 ወር ወደኋላ ቁጠሩ፤ ቀጣዩን ገንዘብ መፈለግ የምትጀምሩበት ቀን እሱ ነው።